ከማጠቢያው ወደ መጭመቂያው፦ ባለ ሁለት ገንዳ ልብስ ማሽን በጅማ ክረምት

ጅማ ውስጥ ልብስ ማጠብ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ማድረቁ ነው። የዝናቡ ወቅት ረጅም ነው፤ ሲከፋ ፀሐይ ብልጭ ብላ ማስጫው ገመድ ጋ ሳንደርስ ደመናው ይመለሳል። በእጅ የተጨመቀ አንሶላ በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ተሰቅሎ ይከርምና ሲነሳ ይሸታል። ባለ ሁለት ገንዳውን ማሽን የገዛሁት ለማጠቢያው ብዬ ሳይሆን ለመጭመቂያው ነው። ዛሬም ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው እላለሁ።

ይህን የምጽፈው ማሽኑን ገዝተው መጭመቂያውን ለፈሩት ሰዎች ነው። ሠፈሬ ውስጥ ማጠቢያውን ብቻ ተጠቅመው ልብሱን በእጅ የሚጨምቁ ብዙ ቤቶች አውቃለሁ። «ይጮሃል፣ ይዘላል፣ ሊሰበር ነው» ይላሉ። የሚጮኸውና የሚዘለው ግን በአብዛኛው ልብሱ ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት መንገድ የተነሳ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን እንተዋወቀው። ሰፊው ገንዳ ማጠቢያው ነው። ከግርጌው ያለው ክብ ፕላስቲክ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየተመላለሰ ውሃውንና ልብሱን ያንቀሳቅሳል። ጠበብ ያለው መጭመቂያው ነው። እሱ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው በርሜል አለ። በርሜሉ በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ በደቂቃ 1300 ዙር አካባቢ ይሽከረከራል። ልብሱ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ውሃው በቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ ይወረወራል። ሁለቱ ገንዳዎች የየራሳቸው ሞተርና የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። የማጠቢያው ሰዓት ብዙውን ጊዜ እስከ 15 ደቂቃ፣ የመጭመቂያው እስከ 5 ደቂቃ ይሞላል። ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሌላው መታወቅ ያለበት የሁለቱ አቅም እኩል አለመሆኑ ነው። የእኔ ማሽን ማጠቢያው 7 ኪሎ ደረቅ ልብስ ሲይዝ መጭመቂያው የሚችለው 5 ኪሎ ነው። ስለዚህ ማጠቢያው ሞልቶ የታጠበ ልብስ በአንድ ጊዜ መጭመቂያው ውስጥ አይገባም። ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ብዙ ሰው በጉልበቱ ጠቅጥቆ ሊያስገባው ይሞክራል። ማሽኑ መዝለል የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

አሁን አንድ ቅዳሜ የማጥበውን ልብስ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሂድ። ሁለት ነጭ አንሶላ፣ የትራስ ልብሶች፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ሸሚዝና ሹራብ፣ ሁለት ጂንስ እና ጭቃ የነካው የሥራ ልብስ አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ማሽኑን የምሞላው ከበርሜል በባልዲ እየቀዳሁ ነው። የሳሙናውን ውሃ ለእያንዳንዱ ዙር መቀየር አልችልም። በአንዱ ውሃ መጀመሪያ ነጩ፣ ቀጥሎ የልጆቹ ልብስ፣ በመጨረሻ ጂንሱና የሥራ ልብሱ ይታጠባል። የጅማ ቀይ ጭቃ ያለበት ልብስ ግን ከሌላው ጋር ከመግባቱ በፊት ሳፋ ውስጥ ለብቻው ጭቃውን ማራገፍ አለበት። አለዚያ አፈሩ ገንዳው ግርጌ ይተኛና ውሃው ሁሉ ይቀላል። ኪስም ይፈተሻል። እዚህ አገር ከኪስ ሳንቲም ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ የቡና ፍሬም ይወጣል። ፍሬው ከክቡ ፕላስቲክ ሥር ከገባ ማሽኑ መንጫጫት ይጀምራል። የጂንሱን ዚፕ እዘጋለሁ፣ ከውስጥ ወደ ውጭም እገለብጠዋለሁ።

ኦሞውን ውሃው ውስጥ በትኜ ልብስ ሳልጨምር ትንሽ አሽከረክረዋለሁ። ከሟሟ በኋላ አንሶላዎቹን እየዘረጋሁ አስገባለሁ። በእጅ ስናጥብ አረፋ ማየት ስለለመድን ኦሞ እናበዛለን። እዚህ ግን አረፋ ጠላት ነው። መጭመቂያው ውስጥ በበርሜሉና በውጪው ግድግዳ መካከል አረፋ ሲሞላ በርሜሉ ይከብደዋል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ልብሱም ውሃ እንደቋጠረ ይወጣል። ለአንሶላ 10 ደቂቃ ይበቃል። ለስስ ልብስ 5፣ በጣም ለቆሸሸ 15።

ሰዓቱ ሲያልቅ ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን፤ ልብሱን ማሸጋገር።

እጄን ከማስገባቴ በፊት ሶኬቱን እነቅላለሁ። በረንዳ ላይ እግሬ እርጥብ ነው፣ እጄም እርጥብ ነው። ነጠላ ጫማዬ ጎማ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ሶኬቱን የምነካው እጄን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ነው። ማከፋፈያውን ሁልጊዜ ከፍ ካለ ቦታ አንጠለጥለዋለሁ። ውሃ በሚረጭበት ወለል ላይ የተጋደመ ማከፋፈያ ከማሽኑ ራሱ ይበልጥ ያስፈራኛል።

ከማጠቢያው ስታወጡት ልብሱ ተቋጥሮ ነው የምታገኙት። ክቡ ፕላስቲክ ወዲያና ወዲህ ሲል አንሶላው የሸሚዝ እጅጌ ይዞ፣ ሸሚዙ የትራስ ልብስ ጠቅልሎ አንድ ድቡልቡል ይሆናል። ይህን ድቡልቡል እንዳለ አንስቶ መጭመቂያው ውስጥ መጣል ትልቁ ስህተት ነው። ክብደቱ ሁሉ በአንድ ጎን ይቀመጣል። በርሜሉ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ከባዱ ጎን ወደ ውጭ ይጎትተዋል፣ ማሽኑም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ስለዚህ እዚያው ገንዳ ውስጥ፣ ውሃው እያለ፣ አንድ በአንድ እፈታዋለሁ። ልብስ ውሃ ውስጥ እያለ በቀላሉ ይፈታል።

ከዚያ እያንዳንዱን አንስቼ በማጠቢያው ገንዳ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ትንሽ እንዲንጠባጠብ አደርጋለሁ። በእጄ ጨመቅ አደርገዋለሁ። መጠምዘዝ አያስፈልግም፤ የሚንዠቀዠቀው ውሃ እንዲቀር ብቻ ነው። የሳሙናው ውሃ ለቀጣዩ ዙር እዚያው ይቀራል። ሌላም ምክንያት አለው። በሁለቱ ገንዳዎች መካከልና በስተኋላ ማዞሪያዎቹ ያሉበት ክፍል አለ። ውሃ የተሸከመ ልብስ በዚያ ላይ እየተጎተተ ካለፈ ውሃው በማዞሪያዎቹ ሥር ይገባል። ሰዓቱ የሚበላሽበት፣ ሲብስም ማሽኑ ሰው የሚነዝርበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። እኔ ልብሱን ወደ ፊት ለፊት አውጥቼ ነው የማሻግረው።

መጭመቂያው ውስጥ የማስቀመጠው በዙሪያው ነው። መሐሉ ላይ አልጥልም። ወፍራሙንና ከባዱን ከታች አደርጋለሁ። አንሶላውን ቁመቱን አጥፌ እንደ ገመድ ካደረግሁት በኋላ የበርሜሉን ግድግዳ ተከትዬ እጠቀልለዋለሁ። ሁለተኛው አንሶላ ከመጀመሪያው ጫፍ ይቀጥላል። የትራስ ልብሶቹና ትንንሾቹ ልብሶች ከላይ ክፍተት ባለበት ይገባሉ። ከዚያ በመዳፌ ዙሪያውን ጫን ጫን አደርጋለሁ። አንዱ ጎን ለስላሳ ሌላው ጠንካራ ከሆነብኝ ልብስ አንስቼ አዛውራለሁ። እጅ ከዓይን ይልቅ ሚዛኑን ያውቃል።

ልብሱ ከበርሜሉ አፍ በታች መቅረት አለበት፤ አንድ አራት ጣት ያህል ዝቅ ቢል ጥሩ ነው። ከላዩ ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን ክብ ፕላስቲክ ጠፍጣፋ አድርጎ መጫን ነው። ብዙ ሰው ይህን ክብ ፕላስቲክ የማሸጊያ ዕቃ መስሎት ይጥለዋል። አትጣሉት። በርሜሉ ሲዞር ካልሲና ቀጭን ልብስ ወደ ላይ ይወጣል። ከበርሜሉ አፍ ካለፈ በርሜሉና የውጪው ግድግዳ መካከል ይወድቃል፣ ከዚያም ሥሩ ያለው ዘንግ ላይ ይጠመጠማል። ያኔ ሞተሩ «እምምም» ይላል እንጂ በርሜሉ አይዞርም። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው አጥፉት። ሞተሩ መዞር እያቃተው ኤሌክትሪክ ከበዛበት ይቃጠላል። ሶኬቱን ነቅላችሁ በርሜሉን በእጅ አዙሩት። በቀላሉ የማይዞር ከሆነ የሆነ ነገር ሥሩ ገብቷል ማለት ነው።

ውስጠኛውን ፕላስቲክ ጭኜ፣ የላይኛውን ክዳን ዘግቼ፣ ሶኬቱን ሰክቼ ለሳሙናው ውሃ 1 ደቂቃ ብቻ እሰጠዋለሁ። ይህ ከማለቅለቅ በፊት ያለው አጭር ጭመቃ ነው፤ ለውሃ ቁጠባ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አላውቅም። ልብሱ የሳሙና ውሃ እንደያዘ ማለቅለቂያ ውስጥ ከገባ የመጀመሪያው ሳፋ ወዲያው ሳሙና ይሆናል። ሦስተኛና አራተኛ ሳፋ ያስፈልጋል። ቀድሞ ከተጨመቀ ግን በሁለት ሳፋ ውሃ ይጠራል። ማሽኔ በረንዳው ላይ ስለሆነ ቱቦውን ወደ ታች ግቢው ላይ ባስቀመጥኩት ሳፋ ውስጥ እለቀዋለሁ። የወጣውን የሳሙና ውሃ ወደ ማጠቢያው እመልሰዋለሁ። የሥራ ልብሱ ከተነሳ በኋላ የሚተርፈው ቆሻሻ ውሃም ለበረንዳው ማጠቢያ ይሆናል።

አሁን ስለ ቱቦው ልመለስ። ቱቦው ከማሽኑ ግርጌ ዝቅ ብሎ መተኛት አለበት። ፓምፕ የሌለው ማሽን ውሃውን የሚያስወጣው በራሱ ክብደት ነው። ቱቦው ቀና ብሎ ከተሰቀለ ወይም ከተጣጠፈ መጭመቂያው ያወጣው ውሃ ሥሩ ይጠራቀማል። በርሜሉ ያንን ውሃ እየመታ ስለሚዞር ይዘገያል። ልብሱ አልጨመቅ ሲል መጀመሪያ ቱቦውን እዩ። ሁለተኛ፣ ሲጨመቅ የማጠቢያው ማዞሪያ ውሃ ማስወጫው ላይ መሆን የለበትም። ቱቦው አንድ ስለሆነ የማጠቢያው ውሃ ወደ መጭመቂያው ሊመለስ ይችላል። ማዞሪያው ማጠቢያው ላይ ይቆይ።

አንሶላው ሲለቀለቅ ማጠቢያው ሥራ አይፈታም። የልጆቹ ልብስ በዚያው ውሃ ውስጥ ገብቶ ይታጠባል። ባለ ሁለት ገንዳውን ከሌላው ማሽን የምመርጠው በዚህ ነው፤ አንዱ ሲያጥብ ሌላው ይጨምቃል። ከለቀለቅሁ በኋላ የመጨረሻው ጭመቃ ለጥጥ ልብስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ለትምህርት ቤት ሸሚዝና ለስስ ልብስ 1 ወይም 2 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጭምድድ ብሎ ይወጣና መተኮሱ ፈተና ይሆናል። ልብሱ ሲወጣ ውሃ አይንጠባጠብም፣ ግን ደረቅ አይደለም። ወዲያው ተራግፎ መሰጣት አለበት። በርሜሉ ውስጥ እስከ ማታ ከተቀመጠ ያው የፈራነው ሽታ ይመጣል። የእኔ ሸሚዞች እንዲህ ተጨምቀው በረንዳ ላይ ከተሰጡ፣ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን፣ ጠዋት የተሰጣው ማታ ላይ ይደርሳል። ጂንስ ያድራል።

አሁን ስለ ድምፁ። በርሜሉ ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ቢንገጫገጭ ችግር የለውም። ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁ ወጥ መሆን አለበት። «ዱብ ዱብ» የሚለው እየባሰ ከሄደና ማሽኑ ከቦታው መንቀሳቀስ ከጀመረ በእጅ ደግፋችሁ ለማቆየት አትሞክሩ። ሰዓቱን ወደ ዜሮ መልሱ፣ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ልብሱን እንደገና አስተካክሉ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ የሆኑ አሮጊት በግንቡ ላይ ተጣሩ። «ልጄ፣ ነይ እስቲ ይሄን ማሽን እዪልኝ፣ ግድግዳውን ሊያፈርሰው ነው!» አሉኝ። «እማማ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ ዜሮ ይመልሱት፣ ክዳኑን አይክፈቱት» ብዬ ሄድኩ። ሲቆም ከፍተን አየን። ውስጡ ያለው አንድ ወፍራም ፎጣ ብቻ ነው። «አንድ ልብስ እኮ ነው፣ ምን ከበደው?» አሉ። የከበደው አንድ መሆኑ ነው። ብቻውን ሲገባ በአንድ ጎን ይለጠፋል፣ ከማዶ የሚመዝነው ነገር የለም። ሌላ ተመሳሳይ ፎጣ አርጥበን ከፊት ለፊቱ አደረግንለት። ያን ያህል ሲናወጥ የነበረው ማሽን ወጥ ድምፅ አወጣ። ቀጥሎ ጋቢያቸውን ይዘው መጡ።

ጋቢ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። አራት ድርብ ጥጥ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከማጠቢያው በአንድ ጊዜ ቢነሳ ወገብ ይጎዳል። እኔና እማማ ለሁለት ሆነን መጀመሪያ የማጠቢያውን ውሃ አስወጣን፤ ጋቢው እዚያው ገንዳ ውስጥ ተንጠፍጥፎ ቀለል እስኪል ጠበቅን። ከዚያ ቁመቱን አጥፈን እንደ አንሶላው በዙሪያው ጠቀለልነው። ከበርሜሉ አፍ በታች ስለቀረ ሠራ። የማይበቃ ቢሆን ኖሮ አናስገባውም ነበር፤ ግማሹን ውስጥ ግማሹን ውጭ ማድረግ አይቻልም። ነጠላና ጥለት ያለው የሀበሻ ልብስ ደግሞ ዘርፉ በቀዳዳዎቹ እንዳይያዝ የትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ አፉን አስሬ ነው የማስገባው፤ ለ1 ደቂቃ ብቻ።

መጭመቂያው ውስጥ ፈጽሞ የማይገቡም አሉ። የዝናብ ካፖርት፣ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ፣ ውሃ የማያሳልፍ የሕፃን አንሶላ። ውሃው በጨርቁ ማለፍ ስለማይችል እጥፋቱ ውስጥ ይታቆራል። በርሜሉ ሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ ውሃው ወደ አንድ ጎን ቢደፋ ማሽኑ ሊገለበጥ ይችላል። ጅማ ላይ የዝናብ ልብስ የሌለው ቤት ስለሌለ ይህን ለቤት ሠራተኞችም ለልጆችም ንገሩ።

መብራት ሲሄድስ? የብዙዎቹ ማሽኖች ሰዓት በስፕሪንግ የሚሠራ ነው። ስለዚህ መብራት ቢጠፋም መቁጠሩን ይቀጥላል። ቶሎ ከተመለሰ ደግሞ ማሽኑ ሳይነገረው ይነሳል። መብራት ሲጠፋ «ቆሟል» ብላችሁ እጃችሁን ማጠቢያው ውስጥ አታስገቡ። ሁለቱንም ሰዓት ዜሮ አድርጉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመለስም ትንሽ ጠብቃችሁ ስኩት፤ አመጣጡ አንዳንዴ ኃይለኛ ነው።

በመጨረሻ ፍሬኑ። የመጭመቂያውን ክዳን ስትከፍቱ ሁለት ነገር ይሆናል። ለሞተሩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፣ ፍሬኑም በርሜሉን ይይዘዋል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቀጥ ማለት አለበት። ፍሬኑ ሲያረጅ ወይም ገመዱ ሲላላ ግን ክዳኑ ተከፍቶም በርሜሉ መዞሩን ይቀጥላል። እየዞረ ያለ ልብስ ላይ እጅ ቢያርፍ ጨርቁ ጣትን፣ ከዚያም ክንድን ይጠመጥማል። ቀስ ብሎ የሚዞር ቢመስልም ጉልበቱ አልበረደም። በዚህ ጉዳይ ላይ ልመናዬ ነው፤ በርሜሉ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ማንም እጁን አያስገባ፣ ሕፃናትም መጭመቂያው ሲሠራ አጠገቡ አይቁሙ።

ፍሬኑን መሞከር ቀላል ነው። ባዶውን በርሜል አስነሱት፣ ፍጥነት ሲይዝ ክዳኑን ክፈቱ፣ ከሩቅ ሆናችሁ እዩት። ቆሞ ካልቀረ ሠሪ ጋ ይሂድ፤ እስኪሠራ ድረስ ማጠቢያውን ብቻ ተጠቀሙ። ያገለገለ ማሽን ከመርካቶም ሆነ ከሰው ቤት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሻጩ ሶኬት ላይ ሰክቶ ይህንኑ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ውስጠኛው ክብ ፕላስቲክ መኖሩንም እዩ።